እጁ እየሠራ ካርታው ባዶ፦ ኤፍኤምአርአይ ዕጢ አጠገብ ለምን ዝም ይላል?

ሰሎሜ_ዘ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ሳነሣው ስጥለው ሰንብቻለሁ። የያዝኩት ለማስተማሪያ የተዘጋጀ፣ የታካሚው ማንነት የተነሣለት የኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም ሰውየው ሥራ እየሠራ የተነሣ የአንጎል ምስል፣ ዳታ ነው። ታካሚው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጎልማሳ ነው። ዕጢው ያለው በግራ የአንጎሉ ክፍል፣ ከማዕከላዊው ስንጥቅ አጠገብ ነው። ማሽኑ 3 ቴስላ ነው፤ ሥራው ደግሞ 20 ሰከንድ ጣት ማንቀሳቀስ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት፣ ይኼው ስድስት ዙር። በየ2 ሰከንዱ አንድ ሙሉ የአንጎል ምስል ስለሚነሣ በጠቅላላው 120 ምስል ወጥቷል።

ግራ እጁን ሲያንቀሳቅስ ቀኙ የአንጎል ክፍል እንደሚጠበቀው ደምቆ ይታያል። ቀኝ እጁን ሲያንቀሳቅስ ግን ዕጢ ያለበት ግራው ክፍል ባዶ ነው። ይባስ ብሎ በቀኙ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም በሚያንቀሳቅሰው እጅ ወገን፣ መጠነኛ ቀለም አለ። ማስታወሻው ላይ የቀኝ እጁ ጉልበት 5 ከ5 ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ይኼ እጅ በምን እየሠራ ነው? ቦታው ባዶ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ሳይሠጋ ይቆርጠዋል ማለት ነው?

ናቲ_ኒውሮ

ይኼማ ግልጽ ነው ሰሎሜ። አንጎል ቤቱ ሲፈርስበት ዕቃውን ወደ ጎረቤት ያዛውራል። ዕጢው ቀስ እያለ ሲያድግ የቀኝ እጅ ሥራ ወደ ሌላው ክፍል ተሸጋግሯል፤ ለዚህ ነው ቀለሙን ቀኝ ላይ ያየሽው። ጉልበቱ 5 ከ5 መሆኑም ይኼንኑ ያረጋግጣል። ኦክስጅን የሚበላ ነርቭ እዚያ ቢኖር ኖሮ ማሽኑ ያሳየው ነበር፤ ኤፍኤምአርአይ የሚለካው የነርቭን የኦክስጅን ፍጆታ ስለሆነ።

ቢያድግልኝ

ናቲ፣ አንጎል ሥራ ያዛውራል ያልከው በአንዳንድ ታካሚ ላይ እውነት ነው፣ በተለይ ቀስ ብሎ በሚያድግ ዕጢ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ግን ስሕተት ነው፤ ሰሎሜን ግራ ያጋባትም እሱው ነው። ማሽኑ ፍጆታን አይለካም። ቢለካማ ነርቭ ሲሠራ ምልክቱ ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማለት ነበረበት።

ከሥሩ እንጀምር። ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን በማግኔት ይሳባል፤ ኦክስጅን የያዘው አይሳብም። ይኼን ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርዬል እ.ኤ.አ. በ1936 ለክተው አሳይተዋል፤ ሰይጂ ኦጋዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በቤል ላብራቶሪ በአይጦች አንጎል ላይ በኤምአርአይ እንዲታይ አደረገው። ኦክስጅን የለቀቀ ደም ባለበት ዙሪያ መግነጢሳዊው መስክ ይሻክራል። እዚያ ያሉት የውሃ ፕሮቶኖች አንድ ላይ መዞር ያቅታቸውና ቶሎ ይበታተናሉ፤ ምስሉ በዚያ ቦታ ይደበዝዛል። ባጭሩ የተቃጠለ ደም ሲበዛ ምስሉ ይጨልማል፣ ሲያንስ ይፈካል። ማሽኑ የሚያውቀው ይኼንን ብቻ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ወደ አንዲት ጠባብ የአንጎል ሰፈር የሚገባው ደም 100 እጅ ኦክስጅን ይዞ ገባ እንበል። በዕረፍት ጊዜ ሰፈሩ ከዚያ ላይ 40 ያህሉን ይወስዳል፤ ስለዚህ በደም መልሱ ከሚወጣው ደም 40 በመቶው ኦክስጅን የለቀቀ ነው። ነርቮቹ ሥራ ጀመሩና ፍጆታቸው በ20 በመቶ ጨምሮ 48 ሆነ። በጤነኛ አንጎል ግን ፍሰቱ በዚያ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ በ50 በመቶ ይጨምርና 150 ይመጣል። 48ን ለ150 ብታካፍሉት 32 በመቶ ነው። የተቃጠለው ደም ከ40 ወደ 32 ወረደ፤ ምስሉ ፈካ፤ እኛም ቀለም ቀባንበት። ስለዚህ የምናየው ቀለም ፍሰቱ ፍጆታውን አልፎ የተረፈው ትርፍ ነው። ፒተር ፎክስና ማርከስ ራይክል እ.ኤ.አ. በ1986 በፔት ስካን ሲለኩት ትርፉ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ፍሰቱ 29 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው 5 በመቶ ብቻ ነው የጨመረው። ከዚያ በኋላ የመጡት ልኬቶች ፍጆታውን ከፍ ያደርጉታል፣ የትርፉን መኖር ግን አይክዱም።

እንግዲህ ዕጢው አጠገብ ያሉትን የደም ሥሮች አስቡ። እንደ ልብ አይሰፉም። ወይ በዕጢው የበቀሉ፣ መቆጣጠሪያ ጡንቻቸው የጎደለ ናቸው፤ ወይ ጭራሽ አስቀድመው ተለጥጠው የመጨረሻው ላይ ደርሰዋል። ነርቮቹ ልክ እንደ ቀድሞው ሠርተው ፍጆታቸው 48 ሲደርስ ፍሰቱ በ20 በመቶ ብቻ ቢጨምር 48 ለ120፣ ያው 40 በመቶ ነው። ምንም ለውጥ የለም፣ ካርታው ባዶ ነው፣ ነርቩ ግን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ፍሰቱ ጨርሶ ባይጨምርስ? 48 ለ100። ምስሉ ይጨልማል፤ ባለሙያው ደግሞ "እዚህ ቦታ እንቅስቃሴ ቀንሷል" ብሎ ይጽፋል።

ሰሎሜ፣ ለጥያቄሽ መልሱ፦ ባዶ ስለሆነ አይቆረጥም። ጉልበቱ 5 ከ5 የሆነ እጅ ባዶ ካርታ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርታው ነው።

ናቲ_ኒውሮ

እሺ፣ ፍጆታ ያልኩትን አነሣሁ። ግን በቀኙ ክፍል የታየው ቀለምስ? እሱ ከየት መጣ? የሥራ መዛወር ካልሆነ ባዶ ሜዳ ላይ አይወጣም።

ቢያድግልኝ

ድሮም እዚያው ነበር። ብዙ ጤነኛ ሰው ቀኝ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ በቀኙ የአንጎል ክፍልም ትንሽ ምልክት ይነሣል፤ ዋናው ግራው ክፍል ደምቆ ስለሚውጠው ማንም አያየውም። ግራው በደም ሥር ችግር ሲታፈን ያ ትንሹ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል፤ ሥራው ተዛወረ ያሰኛል። በዘርፉ "የውሸት መዛወር" የሚባለው ይኼ ነው። እውነተኛ መዛወርም አለ። ሁለቱን ከካርታው ብቻ መለየት ግን አይቻልም።

ካርታው ዝም ቢል የአንጎሉ ቅርጽ አይዋሽም። በተራው ምስል ላይ ማዕከላዊውን ስንጥቅ ተከትለሽ ስትሄጂ የግሪክ ኦሜጋ ፊደል የምትመስል ጉብታ ታገኛለሽ። የእጅ ቦታ እዚያ ነው። ዕጢው ካልገፋት ወይም ካልዋጣት ከቀለሙ ይልቅ እሷን እመኚ።

ራጅ_ክፍል

የምሠራው ማሽኑ ላይ ነው፣ ትንታኔውን ለእናንተ ልተው። ነገር ግን ወደ ደም ሥር ፍልስፍና ከመግባታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን ጥሬ ምስል ክፈቱ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ተኝቶ ነው የሚገኘው። የኤፍኤምአርአይ ፈጣን ምስል አየርና ብረት አይወድም። ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ከተደረገ የራስ ቅሉን የያዙት ብሎኖች፣ ዕጢው ደም አፍስሶ ከሆነ የቀረው የብረት ዝቃጭ፣ ከግንባሩና ከጆሮው ኋላ ያለው የአየር ክፍተት፣ ሁሉም ጥቁር ጉድጓድ ይፈጥራሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ምልክት የለም፤ ምልክት ከሌለ ለውጥም የለም፤ ካርታው ባዶ ይሆናል። ያ ባዶነት ስለ ነርቩም ስለ ደም ሥሩም የሚነግራችሁ አንዳች ነገር የለም። አማካዩን ምስል አውጥታችሁ ተራው ምስል ላይ ደርቡት፤ በኤፍኤስኤል ሶፍትዌር እንዲህ ነው፦

```
fslmaths func.nii.gz -Tmean mean_func.nii.gz
fslmeants -i func.nii.gz -m roi.nii.gz -o tc.txt
```

ሁለተኛው መስመር የእጅ ጉብታዋ ላይ በእጃችሁ ያሰመራችሁትን ክልል አማካይ ለ120ውም ምስል በተራ ያወጣል። ቀለሙን ትታችሁ ይኼንን በወረቀት ላይ ሣሉት።

ሁለተኛ ነገር፣ ታካሚው ያንቀሳቀሰው የትኛውን እጅ ነው? የሚያስቅ ጥያቄ ይመስላል። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ አንዱን እጅ ሲያንቀሳቅስ ሌላኛውም ሳያውቀው አብሮት የሚንቀሳቀስ ሰው አለ። በመስኮቱ በኩል ሁለቱንም እጅ የሚያይ ሰው ካልቆመ፣ ያ በቀኙ ክፍል የታየው ቀለም መዛወርም የውሸት መዛወርም ሳይሆን የግራ እጁ ጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ ከምርመራው በፊት ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጠን እናለማምዳለን። ክርኑ ሥር ትራስ ይደረጋል፣ የሚንቀሳቀሱት ጣቶች ብቻ ናቸው፣ ትከሻ አይነሣም፤ ትከሻ ከተነሣ ራስም ይነሣል።

እታለም

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እናቴ ለራስ ምታት ኤምአርአይ ታዞላት ሠርታ ነበር፣ ውጤቱ "ምንም የለም" ነው የሚለው። እናንተ እንደምትሉት ባዶ ማለት የለም ማለት ካልሆነ እንደገና ትሠራ?

ራጅ_ክፍል

እታለም እህቴ፣ አይደለም። የእናትሽ ተራው ኤምአርአይ ነው፤ የአንጎልን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። ዕጢ፣ ደም መፍሰስ፣ እብጠት እዚያ ላይ በቅርጽና በጥላ ይታያሉ። እዚህ የምንነጋገረው ሰውየው ሥራ እየሠራ በተደጋጋሚ ተነሥቶ በስሌት ቀለም ስለሚቀባ ምስል ነው፤ ራስ ምታት ላለበት ሰው አይታዘዝም። የራስ ምታቱን ነገር ያዘዙላትን ሐኪም ጠይቂ።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

ሁላችሁም ረስታችሁታል መሰለኝ፣ የሞተ ዓሣ አንጎል ላይ እንቅስቃሴ ያገኘ መሣሪያ ነው እኮ ይኼ! እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልመን ማሽን ውስጥ አስገብተው፣ የሰዎችን ፎቶ አሳይተው፣ የሰዎቹ ስሜት ምን እንደሆነ ጠይቀውት አንጎሉ ላይ ቀይ ነጥብ አገኙ። በዚያ ላይ ተደግፎ የራስ ቅል የሚከፍት ሐኪም ካለ እግዜር ይሁነው።

ፊዚክስ_ወዳድ

ቶማስ፣ የዓሣውን ነገር ብዙ ሰው በግማሹ ነው የሚያወራው። ሠሪዎቹ ያሳዩት መሣሪያው ውሸታም መሆኑን ሳይሆን ስሌቱ ሳይታረም ሲቀር የሚሆነውን ነው። አንጎሉን በ60,000 ትንንሽ ኩቦች ከፋፍለህ እያንዳንዱን በሺህ አንድ የስሕተት ዕድል ብትፈትነው፣ ምንም ነገር በሌለበት 60 ያህሉ በዕድል ብቻ ይበራሉ። ለብዙ ፈተና የሚደረገውን እርማት ሲያስገቡ የዓሣው ነጥቦች ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ ደግሞ ተሰባስበው ለሚበሩ ነጥቦች የሚደረገው የተለመደ እርማት ራሱ ልል መሆኑን አሳይተዋል፤ ስለዚህ ጥርጣሬህ መሠረት የለውም አልልም።

የሰሎሜ ችግር ግን የተገላቢጦሹ ነው። ዓሣው ላይ የሌለ ታየ፤ እዚህ ያለ ተሰወረ። ለጥናት ጽሑፍ የመጀመሪያው ይብሳል፣ ለቀዶ ሐኪም ሁለተኛው። በስሕተት የበራ ነጥብ ቢበዛ ጥቂት ዕጢ ሳይቆረጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ በስሕተት የጠፋ ነጥብ ግን እጅ ያስቀራል።

እንዴት እንደሚሰወር በሰሎሜ ቁጥር ላሳይ። የአንድ ኩብ መነሻ ብርሃን 1000 ነው እንበል። ጤነኛ የእጅ ቦታ ላይ ሥራው 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ይጨምራል። ከምስል ምስል ያለው መዋዠቅ 10 ያህል ነው። 60 የሥራ ምስልና 60 የዕረፍት ምስል ስታወዳድሪ የልዩነቱ ስሕተት 10 ሲባዛ በ0.18፣ ወደ 1.8 ነው። 20 ለ1.8፣ ቲ ዋጋው 11 ገደማ፤ ማንም አይክደውም። ዕጢው አጠገብ ጭማሪው 4 ብቻ ቢሆን ቲው 2.2 ነው። የካርታሽ ገደብ 3.1 ወይም 4 ላይ ከተቀመጠ ይኼ ኩብ አይቀባም። ምልክቱ አለ፣ ቀለሙ የለም።

ቢያድግልኝ

ስሌቱን ወድጄዋለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ላክልበት። 120ዎቹ ምስሎች እርስ በእርሳቸው ነጻ አይደሉም። የደም ምልክት ዘገምተኛ ነው፣ ትንፋሽና ልብ ምትም የራሳቸውን ሞገድ ያስገባሉ፤ ያሁኑ ምስል ከቀድሞው ጋር ይመሳሰላል። ሶፍትዌሮቹ ይኼን ካስተካከሉ በኋላ 11 ያልከውም 2.2 ያልከውም ዝቅ ይላሉ።

ከመጠኑ ሌላ ጊዜውም አለ። በጤነኛ ቦታ ነርቩ ከሠራ በኋላ ምልክቱ 2 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መነሣት ይጀምራል፣ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሰከንድ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ወርዶ ከመነሻው በታች ትንሽ ይሰምጥና ይመለሳል። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው በዚህ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። የታመመ የደም ሥር ዘግይቶ ይሰፋል። የሰሎሜ አንድ ዙር 40 ሰከንድ ነው፤ ምላሹ ከተጠበቀው በ5 ሰከንድ ቢዘገይ፣ ሞገዱ ባለ አራት ማዕዘን ቢሆን ከልብሱ ጋር ያለው ግጥሚያ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ለስለስ ያለ ሞገድ ከሆነ ወደ 0.7። በ10 ሰከንድ ቢዘገይ ግጥሚያው ዜሮ ነው። ራጅ_ክፍል ጥሬውን መስመር ሣሉ ያለው ለዚህ ነው፤ በዓይን ስድስት ሞገድ እየታየ ካርታው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ናቲ_ኒውሮ

እንግዲያው 7 ቴስላ ማሽን ይኼን ሁሉ ይፈታዋል ማለት ነው፤ ምልክቱ ስለሚበረታ።

ፊዚክስ_ወዳድ

በከፊል። መስኩ ሲበረታ የደም ምልክቱም ይበረታል፣ ኩቡንም ከ3 ሚሊሜትር ወደ 1 ማጥበብ ይቻላል። ነገር ግን የማይሰፋ የደም ሥር በ7 ቴስላም አይሰፋም፤ 48 ለ120 እዚያም 40 ነው። ብረትና አየር አጠገብ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ይብስበታል። ማጉያ መነጽር የጠፋን ነገር አያመጣም።

የትልልቅ ደም መልሶች ነገርም አለ። ትርፉ ደም ከሠራው ቦታ ወጥቶ ወደ ደም መልሱ ሲፈስ ምልክቱም አብሮት ይፈሳል፤ ስለዚህ የደመቀው ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ በጥቂት ሚሊሜትር ርቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ ባለ ሥር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በ3 ቴስላ 5 በመቶ አልፎ የዘለለ ኩብ ካየሁ መጀመሪያ የደም መልስ ነው ብዬ ነው የማስበው። ዕጢው የእጅ ጉብታዋን ሲነካ እነዚያ ጥቂት ሚሊሜትሮች ብዙ ናቸው።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

እሺ፣ የዓሣው ለዚህ አይሆንም። ግን ጥያቄዬን ላስተካክል፦ ካርታው ባዶ ሲሆን ነርቭ ስለሌለ ይሁን የደም ሥሩ ስለታሰረ በምን ይለያል? መለያ ከሌለው ሁልጊዜ "የደም ሥሩ ነው" ማለት እኮ ማምለጫ ነው።

ራጅ_ክፍል

ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መለያም አለው። ትንፋሽ ማስያዝ ነው።

ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ሁሉ ይሰፋሉ፤ ፍሰቱ ይጨምራል፣ ነርቮቹ ግን ተጨማሪ ሥራ አልሠሩም። ስለዚህ የአንጎሉ ግራጫ ክፍል በሙሉ በአንድነት ይፈካል፣ በ3 ቴስላ 2 ወይም 3 በመቶ። እኛ 40 ሰከንድ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ፣ ከዚያ ተንፍሶ ጨርሶ 15 ሰከንድ እንዲይዝ፣ ይኼንን አምስት ጊዜ እናሠራዋለን፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አየር ስቦ ሳይሆን አውጥቶ እንዲይዝ የምናደርገው ምልክቱ ቶሎ ስለሚነሣና ከሰው ሰው ስለሚመሳሰል ነው። ደረቱ ላይ ቀበቶ እናደርጋለን፣ ካልሆነ መያዙን በምን እናውቃለን? አንዳንዱ በአፍንጫው ቀስ አድርጎ ይሰርቃል።

ከዚያ ካርታውን ታያላችሁ። አንጎሉ በሙሉ ሲፈካ ዕጢው አጠገብ ያለው ቦታ ዝም ካለ፣ የእጅ ካርታው እዚያ ባዶ መሆኑ ዋጋ የለውም፤ እዚያ የደም ሥሩ ምንም ቢመጣ አይመልስም። ቦታው በትንፋሹ በደንብ ፈክቶ በእጅ ሥራው ጊዜ ዝም ካለ ግን፣ ባዶነቱን ከቀድሞው ይልቅ በቁም ነገር እንወስደዋለን።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

"በቁም ነገር" ማለት እናምነዋለን ማለት ነው?

ቢያድግልኝ

አይደለም። ትንፋሽ የሚፈትነው ሥሩ መስፋት መቻሉን እንጂ ከነርቩ መልእክት መቀበሉን አይደለም። በነርቩና በደም ሥሩ መካከል መልእክተኛ ሆነው የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ አስትሮሳይቶች ከእነዚያ መካከል ናቸው፣ ዕጢ ደግሞ ከሥሩ ላይ ገፍቶ ሊያነሣቸው ይችላል። ሥሩ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሰፋ ለነርቩ ላይሰማ ይችላል። ይኼ በሰው ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ባለሙያዎቹ ገና እየተከራከሩበት ነው።

ለዚህ ነው የመጨረሻው ቃል የቀዶ ክፍሉ የሆነው፤ ሐኪሙ የአንጎሉን ገጽ በቀጥታ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ እጁ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲቆም ያያል። እሱ የሚነግረው "ይኼ ቦታ ያስፈልጋል" ነው። ኤፍኤምአርአይ ሲበራ እንኳ የሚለው "ይኼ ቦታ አብሮ ሠርቷል" ብቻ ነው፣ ያስፈልጋል አይልም። ከእጅ ቦታው ወደ ታች የሚወርደውን የነጩን ክፍል ገመድ ደግሞ ጭራሽ አያሳይም፤ እሱ በሌላ ዓይነት የኤምአርአይ ምስል ነው የሚታየው። የገጹን ነጥብ አስተርፎ ገመዱን የቆረጠ ሐኪም ያተረፈው ነገር የለም።

ቡና_ጠጭ

ለምርመራ ከመግባቱ በፊት ቡና የጠጣ ታካሚስ? ካፌን የደም ሥር ያጠባል ይባላል።

ፊዚክስ_ወዳድ

እውነት ነው፣ ካፌን በዕረፍት ያለውን የአንጎል ፍሰት በደንብ ይቀንሳል። የዕረፍቱ ፍሰት ከወረደ ከዚያ የሚነሣው ጭማሪም መጠኑ ይለወጣል። ወዴት ነው የሚለወጠው ከተባለ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ አንዱ አደገ ሲል ሌላው የለም ይላል። በየቀኑ ሦስት ስኒ የሚጠጣን ሰው ማስቀረት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ካፌን ያጣ ቀን ፍሰቱ ከተለመደው በላይ ይወጣል፣ ራሱንም ያመዋል፣ ራሱን ያመመው ሰው ማሽን ውስጥ አይረጋም። እንደ ልማዱ ይጠጣ፣ ሰዓቱ ይመዝገብ፣ ሁለተኛ ምርመራ ካለ በዚያው ሰዓት ይሁን። አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር የሚቻለው እንዲያ ነው።

ሰሎሜ_ዘ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተባልኩትን በተራ አደረግሁ፤ ያገኘሁትን ልጻፍ።

አማካዩን ምስል ተራው ምስል ላይ ደረብኩ። የእጅ ጉብታዋ ከዕጢው ጠርዝ ኋላ ተገፍታ ግን ቅርጿን ይዛ ትታያለች፤ እሷ ላይ ጥቁር ጉድጓድ የለም። ከሷ በታች፣ ዕጢው ውስጥ፣ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ምናልባት የቆየ ደም ነው። ጉብታዋን በእጄ አስምሬ መስመሩን አወጣሁ። ስድስቱ ሞገዶች አሉ! ጭማሪው ግን 0.4 በመቶ ያህል ነው፤ ጫፍ የሚደርሰውም ጤነኛው ወገን ጫፍ ከደረሰ ከ4 ወይም 5 ሰከንድ በኋላ። ገደቡን ከ3.1 ወደ 2 ሳወርድ ጉብታዋ ላይ ትንሽ ቀለም ወጣ፤ ነገር ግን አንጎሉ ጠርዝ ላይም ዙሪያውን ቀለም ወጣ።

ትንፋሽ የማስያዝ ምርመራ በዳታው ውስጥ የለም። ማንቀሳቀሱን ያየ ሰው ስለመኖሩም አልተጻፈም።

ራጅ_ክፍል

ያ ዙሪያውን የወጣው የራስ እንቅስቃሴ ነው። ጠርዝ ላይ ያለ ኩብ ግማሹ አንጎል ግማሹ ፈሳሽ ነው፤ ኩቡ 3 ሚሊሜትር ከሆነ የ0.3 ሚሊሜትር መንሸራተት አንድ አሥረኛውን ይለውጠዋል፤ ያ ደግሞ ከደም ምልክቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መለያው ቀላል ነው። የአንዱ ወገን ጠርዝ ሲፈካ የተቃራኒው ይጨልማል፤ ጊዜውም እጁ በጀመረበት ቅጽበት ነው፣ የደም ምልክት ግን ሰከንዶች ይቆያል። የአንቺ ጉብታ ላይ ያለው ምልክት ዘግይቶ ከተነሣ እሱ እንቅስቃሴ አይደለም።

ፊዚክስ_ወዳድ

ገደቡን ከማውረድ ይልቅ ልብሱን ላላ አድርጊው። ሞዴሉ ላይ የጊዜ መዛነፍን የሚቀበል ተጨማሪ መስመር አስገቢ፤ ኤፍኤስኤል ላይ "ቴምፖራል ዴሪቬቲቭ" የሚለው ነው። እሱ አንድ ሁለት ሰከንድ ነው የሚያስተካክለው፤ 5 ሰከንድ ከሆነ ሞዴሉን ራሱን በ4 ሰከንድ አዘግይተሽ ሞክሪው። ጉብታዋ በዚያ ከበራች የጎደለው ልብስ እንጂ አካል አልነበረም።

ቢያድግልኝ

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ዳታውን ካየን በኋላ እስኪበራ ድረስ ሞዴሉን ማዘግየት ቶማስ የሚፈራውን በር መክፈት ነው። የሚዘገየው ልክ አስቀድሞ ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከትንፋሹ ምርመራ ወይም ታካሚው ምንም ሳይሠራ ከተነሣ ምስል፣ ቢወሰድ ይሻላል።

ፊዚክስ_ወዳድ

ለጥናት ጽሑፍ ቢሆን እስማማ ነበር። እዚህ ግን ቦታዋ በቅርጿ ታውቃለች፤ እጁ ሙሉ ጉልበት አለው፤ የምንጠይቀው "አለ ወይ" ብለን ሳይሆን "ለምን አልታየም" ብለን ነው።

ሰሎሜ_ዘ

ሞዴሉን በ4 ሰከንድ አዘግይቼ ሞከርኩ። ጉብታዋ ላይ ቲው 3.4 ደረሰ። በቀኙ ክፍል የነበረው ቀለም ግን ጠፋ፤ እሱ በጊዜው የሚነሣ ምላሽ ነበርና። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ሳያቸው አንደኛው "ተዛውሯል" ይላል፣ ሌላው "አልተዛወረም"። ዳታው ያው አንድ ነው። ምንም ሳይሠራ የተነሣ የሰባት ደቂቃ ምስል በማኅደሩ ውስጥ አግኝቻለሁ፤ መዘግየቱን ከእሱ ያወጣ ሰው ካለ የትኛውን ቦታ መነሻ አድርጎ እንዳሰላው ይንገረኝ።

ቢያድግልኝ

የመላው አንጎል አማካይ ሞገድን መነሻ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ዕጢው ያለበትን ወገን ግን ከአማካዩ ውጭ አድርጊው፣ አለዚያ የዘገየው ራሱ መለኪያ ይሆናል። ከጤነኛው ወገን ብቻ የተወሰደውን ሞገድ በየግማሽ ሰከንዱ ከ8 ሰከንድ ወደፊት እስከ 8 ሰከንድ ወደኋላ እያንሸራተትሽ ጉብታዋ ላይ ካለው ጋር አገጣጥሚ። ከፍተኛው ግጥሚያ የት ላይ እንደወደቀ እዚህ ለጥፊልን።